ባሕር ዳር የጠጣሁት ማኪያቶ፣ ሚዛን ከመምጣቱ በፊትና በኋላ

ከሜልበርን ባሕር ዳር ገብቼ 16 ቀን ቆየሁ። ሜልበርን ዘጠኝ ዓመት ከቡና ማሽን ጀርባ ቆሜ ስለኖርኩ፣ አገር ቤት የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ልጻፍ ስል እጄ ቶሎ ወደ ቡናው ይሄዳል። ሌላውን በአጭሩ ልበል። ባጃጅ በየመንገዱ አለ፤ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ። ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሐይቁ ረጋ የሚለው ጠዋት ስለሆነ ማልዳችሁ ውጡ። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በጫካው ስትወጡ ግራ ቀኙ የቡና ዛፍ ነው፤ ለዚያ ብቻ መሄድ ያዋጣል። ያረፍኩት አክስቴ ቤት ስለሆነ ስለ ሆቴል የምለው የለኝም።

ቡና የጠጣሁት ከሐይቁ ዳር ብዙም የማይርቅ አንድ ካፌ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ መጀመሪያ ያጋጠመኝ ጥሩ አልነበረም፣ ኋላ ደግሞ ስላሻሻሉት ስማቸው በመጥፎ እንዲነሣ አልፈልግም። የመጀመሪያው ቀን ጠቆር ያለ ማኪያቶ አዘዝኩ። የመጣልኝ ሎሚ የገባበት ይመስል ይኮመጥጣል፣ ውኃ ውኃ ይላል፤ አረፋው ደግሞ የሳሙና አረፋ ያህል ትላልቅ ነው። በማግስቱ ያንኑ አዘዝኩ፤ ያን ቀን ሬት ሆኖ መጣ። ቤቱ ያው፣ ቡናው ያው፣ ቡናውን የሚቀዳው ልጅም ያው ነው።

ይህ መለያየት ነው ትኩረቴን የሳበው። አንድ ቤት ሁልጊዜ የሚኮመጥጥ ቡና ካወጣ አፈጫጨቱ ሸካራ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። አንዴ ኮምጣጣ አንዴ መራራ ከሆነ ግን፣ መፍጫውን ከመንካት በፊት የሚጣራ ሌላ ነገር አለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ደንበኛ ሲሳሳ፣ ወደ ማሽኑ ጠጋ ብዬ ልጁን ሰላም አልኩትና ሥራዬን ነገርኩት። “እትዬ፣ ይሄ ቡና ግራ አጋብቶኛል” አለኝ። “ጠዋት ሲፈጥንብኝ አጠብቀዋለሁ፣ ከሰዓት አልወርድ ሲለኝ አላላዋለሁ። ቀኑን ሙሉ መፍጫውን ሳዞር ነው የምውለው።” የካፌውን ባለቤት አስፈቀድን፤ “ልጄ፣ ማሽኔን ብቻ እንዳትሰብሩብኝ” ብለው ፈቀዱልን።

ቦርሳዬ ውስጥ ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ነበረኝ፤ የግራምን አሥረኛ ያነባል። የተፈጨው ቡና የሚገባበትን የማሽኑን እጀታ እንደወትሮው በዓይኑ ገምቶ ሦስት ጊዜ እንዲሞላ ነገርኩትና እያንዳንዱን መዘንን። 16.2 ግራም፣ 19.1 ግራም፣ 17.4 ግራም። የእጀታው ወንፊት የተሠራው ለ18 ግራም ነው። ልጁ ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለ።

በእነዚህ ሦስት ሙሌቶች መካከል ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋ ልዩነት አለ። ቡናው ሲበዛ ውኃው የሚያልፍበት ንጣፍ ይወፍራል፣ ስለዚህ ይዘገያል፤ ሲያንስ ይሳሳል፣ ውኃው ሽው ብሎ ያልፋል። ልጁ ሲፈጥንበትና ሲዘገይበት የነበረው አፈጫጨቱ ተበላሽቶ ሳይሆን መጠኑ እየተቀያየረበት ነው። መፍጫውን ባዞረ ቁጥር ሁለተኛ ነገር አብሮ ስለሚለወጥ የትኛው ምን እንዳመጣ ማወቅ አይችልም ነበር። ለዚህ ነው መጠን መጀመሪያ የሚታሰረው።

18 ግራም ላይ አሰርነው። ከሥር ስኒውን ሚዛን ላይ አስቀምጠን 36 ግራም ፈሳሽ ሲሞላ እናቆማለን፣ ማለትም የቡናውን እጥፍ። ሰዓቱን የምንቆጥረው ቁልፉ ከተጫነበት ቅጽበት ነው። እንግዲህ የሚቀረው የሚንቀሳቀስ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አፈጫጨቱ። የምንፈልገው ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ነው፤ ይህ ግን መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም፣ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ምላስ ነው።

የመፍጫው ቀለበት 8 ላይ ነበር። 36 ግራሙ በ14 ሰከንድ ሞላ፤ ነጣ ያለ፣ ቀጭን፣ ምላስን ከጎንና ከጎን የሚቆነጥጥ ነው። ውኃው ጣፋጩን ሳያወጣ አልፏል ማለት ነው። ዱቄቱ እንዲደቅ ወደ 6 አጠበቅነው፤ 20 ሰከንድ። ልጁ ወዲያው ወደ 4 ሊያወርደው ሲል እጁን ያዝኩት። መፍጫው ጉሮሮ ውስጥ የቀድሞው ሸካራ ዱቄት ይቀራል፤ ቀለበቱን ካዞራችሁ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ሙሌት የሁለቱ ድብልቅ ነው። አንድ ሙሌት ፈጭተን ደፋንና በዚያው በ6 ደገምን፤ 23 ሰከንድ ሆነ። በመጀመሪያው ቁጥር ተታልለን ብንወርድ ኖሮ ዒላማውን አልፈነው እንሄድ ነበር።

5 ላይ፣ አሁንም አንድ ሙሌት ደፍተን፣ 28 ሰከንድ መጣ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ብሎ፣ ቀጥሎ እንደ ማር ክር ሆኖ ወረደ። ቀመስነው፤ ኮምጣጣነቱ አልጠፋም፣ ግን ጣፋጭ ሆኖ ተቀመጠ፣ ከኋላ ቸኮሌት የሚመስል ጣዕም ቀረ። ልጁ ልዩነቱን በአፉ እንዲያውቀው 4ንም አስሞከርኩት፤ 41 ሰከንድ ፈጀ፣ መራራ ነው፣ ከዋጡት በኋላ ምላስን እንደ ጥሬ ሙዝ ያደርቃል። ወደ 5 ተመለስን።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ከዚያ ሁሉ የበለጠ ያስተማረ ይመስለኛል። በዚያው በ5፣ በዚያው 18 ግራም፣ 19 ሰከንድ ወጣ። ልጁ እጁ ወደ ቀለበቱ ሄደ። “ተው፣ መጀመሪያ አተላውን እንየው” አልኩት። እጀታውን ሲያወጣ አተላው በአንድ ጎኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው፤ ስንቀዳም በዚያ በኩል ነጣ ያለ ክር ቀድሞ ሲሮጥ አይቻለሁ። የጠቀጠቀው ዘመም አድርጎ ነው፤ ውኃ ደግሞ በቀለለው በኩል ሰንጥቆ ያልፋል። ስንጥቁ አጠገብ ያለው ቡና ከመጠን በላይ ይታጠባል፣ የቀረው ሳይነካ ይቀራል፣ ስለዚህ ስኒው ውስጥ ኮምጣጣውም መራራውም አንድ ላይ ይገኛል። መለያው ይኸው ነው፤ አፈጫጨት ሲሳሳት በተከታታይ ስኒዎች ላይ አንድ ዓይነት ይሳሳታል፣ ስንጥቅ ግን አንዱን ስኒ አበላሽቶ ሌላውን ይተወዋል። ለስንጥቅ ቀለበት አይዞርም። ዱቄቱን በቀጭን ሽቦ ከሥር ጀምሮ በትኖ ማስተካከል፣ ክርንን ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ መጠቅጠቅ ነው መድኃኒቱ። ኃይል ማብዛት አያስፈልግም፤ ሜዳ መሆኑ ነው ዋናው።

ስለ ሙቀት ሁለት ነገር ልጨምር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የግፊቱ መለኪያ ቶሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ እጀታው የሚገባበት ብረት ግን ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። በዚያ መሃል የሚቀዳ ቡና መጠኑም ሰዓቱም ልክ ሆኖ ይኮመጥጣል። እጀታውን ባዶውን ማሽኑ ላይ አስሮ መተው ይረዳል። ሁለተኛው የባሕር ዳር ጉዳይ ነው። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሽኑ ቆሞ ሲቆይ ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ተንተክትኮ በእንፋሎት ይረጫል፤ መንተክተኩ እስኪያቆም አፍስሱት። ባሕር ጠለል ላይ ያለ ባሪስታ መንተክተኩ ካቆመም በኋላ ማፍሰሱን መቀጠል አለበት፤ እዚህ ግን ሲያቆም ለቡናው የሚስማማው ሙቀት ዘንድ ደርሷል።

ወተቱ ሌላ ታሪክ ነው። ቤቱ ጥሬ ወተት ጠዋት ተረክቦ በትልቅ ድስት ያፈላል፤ ይህ ትክክል ነው። ስህተቱ ለብ እንዳለ እየጨለፉ ወደ ጆግ መክተታቸው ላይ ነበር። አየር ወደ ወተት የሚገባው ቀዝቃዛ ከሆነበት አንሥቶ የሰውነትን ሙቀት እስኪያክል፣ 37 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ነው። ለብ ካለ ወተት ከተነሣችሁ ያ ጊዜ ገና ሳትጀምሩ አልቋል፤ ልጁ እሱን ለማካካስ የእንፋሎት ቱቦውን ከፍ እያደረገ ነው የሳሙና አረፋ ያወጣው። በማግስቱ የተፈላውን አቀዝቅዘው ፍሪጅ አስገቡት። ጆጉን እስከ አፍንጫው ሥር ብቻ ሞላን፣ ቱቦውን አንድ ጊዜ ባዶ አስነፈስን፣ ጫፉን ከወተቱ ፊት በታች ትንሽ አስገባን። የሚሰማው ድምፅ ወረቀት ሲቀደድ ያለውን መምሰል አለበት፤ የሚንቧቧ ከሆነ ቱቦው ወጥቷል፣ የሚጮህ ከሆነ ጠልቋል። የጆጉ ሆድ ሙቀት የእጃችሁን ሲያክል ጫፉን ዝቅ አድርጋችሁ ወተቱ እንዲሽከረከር መተው ነው፤ መዳፍ ማቃጠል ሲጀምር፣ 60 እና 65 ዲግሪ መካከል ይቆማል። የአገራችን ሰው ትኩስ ማኪያቶ ስለሚወድ 65 ላይ ማቆምን እመርጣለሁ። ከ70 ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋል፣ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል።

አንዳንድ ቀን ሁሉንም በትክክል አድርጋችሁ አረፋው ሊጠፋ ይችላል። ጥሬው ሳይፈላ ብዙ ቆይቶ፣ በጀሪካን ሲንገላታ ከመጣ ስቡ ይፈርሳል፣ አረፋም አይይዝም። ሽታውም ላይለወጥ ይችላል። ረቡዕና ዓርብ በጾሙ ምክንያት ወተት ብዙም ስለማይሸጥ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት የመጣው የዕለቱ መሆኑን አከፋፋዩን መጠየቅ ይገባል።

ሚዛኑን ለልጁ ትቼለት መጣሁ። በመጨረሻው ሳምንት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በዚያ መሃል መፍጫው ላይ ያለው ቡና እያደረ ሲሄድ ፍሰቱ ወደ 24 ሰከንድ ወረደ፤ የቆየ ቡና ጋዙ ስለሚወጣ ይፈጥናል። ልጁ ሳልነግረው መጠኑን መዝኖ፣ አተላውን አይቶ፣ ከዚያ ቀለበቱን በትንሹ አጠበቀ። መፍጫው ጎን በፕላስተር ላይ “18፣ 36፣ 28” ብሎ ጽፎ ለጥፏል።

የምትሄዱ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት አትሂዱ፤ የሚከፍቱት 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ ማሽኑም በደንብ የሚግለው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ገና ከተመለሰ ሻይ ጠጡ። አለበለዚያ መጀመሪያ ወተት የሌለው አንድ ኤስፕሬሶ፣ ከዚያ ማኪያቶ እዘዙ፤ ልጁ የመጀመሪያውን ስኒ ቀምሶ ሲደፋው ብታዩ አትቆጡ፣ የእናንተ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።