«ሁለቱን አካውንት አዋህድልሻለሁ» የሚል ሞባይል ቤት ካጋጠማችሁ ስልካችሁን ተቀብላችሁ ውጡ

ደሴ ያላችሁ፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ በስልክ የምትሠሩ ሴቶች ይህን አንብቡልኝ። የሱቁን ስም አልጠራም። ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ አልልም። ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ላይ «ፍላሽ፣ ኢሜይል መክፈት፣ ፓስወርድ ማስከፈት፣ አካውንት ማዋሃድ» ብሎ የለጠፈው ነው። ውስጥ ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ። አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያወራል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የባህል ቀሚስ፣ የሰርግ፣ የሚዜ። የመጀመሪያ ስልኬን ኮምቦልቻ ስገዛ ሻጩ ኢሜይል ከፈተልኝ። ስልኩን ስቀይር ደግሞ ሌላ ልጅ ሌላ ኢሜይል ከፈተልኝ። እኛ አገር ስልክ ሲገዛ ኢሜይል እንደ ከቨር አብሮ የሚሰጥ ነው፤ ማን ከፈተው፣ በማን ቁጥር ከፈተው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እናም ሁለት የጉግል አካውንት ይዤ ዓመታት ኖርኩ። አሮጌው ላይ የደንበኞቼ ልክ በሙሉ ተጽፏል። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ርዝመት፣ ሁሉም በስም በስሙ በአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ። የሠራኋቸው ቀሚሶች ፎቶም እዚያው ነው። አዲሱ ላይ ያለው የቅርብ ጊዜ ሥራ ብቻ ነው።

ልጁ ሁለቱን ሲያይ «ይኼ እኮ ነው ስልክሽን የሚያጨናንቀው» አለኝ። «አንድ ላይ ላድርግልሽ፣ ቦታም ይሰፋልሻል።» 600 ብር። «ምንም አይጠፋም?» አልኩት። «አብሽሪ እቴ» አለኝ። አብሽሪ!

መጀመሪያ ይኼን ልንገራችሁ። ጉግል ሁለት አካውንት የሚያዋህድበት መንገድ የለውም። የተደበቀ ቁልፍ የለም፣ ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው ነገር የለም። የጉግል የራሱ የእርዳታ ገጽ ላይ ተለያይተው የተከፈቱ አካውንቶች እንደማይዋሃዱ በግልጽ ተጽፏል። ያለው አማራጭ ከአንዱ ወደ ሌላው ዕቃን አንድ በአንድ ማዛወር ብቻ ነው። ቦታ ይሰፋል ያለውም ተገላቢጦሽ ነው። አንድ አካውንት በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው። ሁለት ሲኖራችሁ 30 አላችሁ። አንድ ስታደርጉት ወደ 15 ትወርዳላችሁ። ይባስ ብሎ ከጁን 1 ቀን 2021 በፊት፣ ማለትም በእኛ ከግንቦት 24 ቀን 2013 በፊት፣ በተቀነሰ ጥራት የተጫኑ ፎቶዎች ከዚያ 15 ላይ አይቆጠሩም ነበር። የእኔ አሮጌ ፎቶዎች በብዛት እንደዚያ ነበሩ፣ በነጻ የተቀመጡ። አዲሱ አካውንት ላይ እንደገና ሲጫኑ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ይኼን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ልጁ ያደረገውን ልናገር። እኔም የገባኝ ኋላ ነው፣ ኮምፒውተር የተማረች የአክስቴ ልጅ ከወልዲያ መጥታ ስታብራራልኝ።

ሁለቱንም አካውንት ስልኬ ላይ አስገባ። አሮጌው ድራይቭ ውስጥ ገባና ፎልደሩን ተጭኖ «Share» አለ። የአዲሱን ኢሜይል ጻፈ። ፎቶዎቹንም በአልበም ሰብስቦ እንደዚያው አጋራ። የስልክ ቁጥሮቹን ግን አውጥቶ በትክክል አስገባቸው፤ ውሸት አልናገርም፣ ቁጥሮቼ አሁንም አሉ። ከዚያ አዲሱን አካውንት ከፍቶ አሳየኝ። «ይኸው! ሁሉም መጣ።» እውነትም ሰንጠረዡ አለ፣ ፎቶው አለ። ከፍቼ የአንዷን ሙሽራ ልክ አየሁ። ጻፍኩበት ሁሉ። ይሠራል።

ግን ያ ዕቃ አልመጣም ነበር። አሮጌው ቤት ተቀምጦ አዲሱ ቤት በመስኮት እያየው ነው። «Shared with me» የሚለው ቦታ ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ያ ሌላ ሰው ራሳችሁ ብትሆኑም። የፋይሉን ዝርዝር ከፍታችሁ ባለቤቱን፣ «Owner» የሚለውን ስታዩ የአሮጌው ኢሜይል ስም ከሆነ የተዛወረ ነገር የለም። በአንድ ንክኪ የሚታይ ነገር ነው። ልጁም ያውቀዋል፤ አያውቅም አትበሉኝ።

ከዚህ በኋላ ነው የሚያንገበግበኝ።

«አሁን አሮጌውን እንሰርዘው፣ አለበለዚያ ይምታታብሻል» አለ። «Delete your Google Account» የሚለው ገጽ ውስጥ ገባ። ያ ገጽ ረጅም ነው። ምን ምን እንደሚጠፋ በዝርዝር ይደረድራል፦ ሜይሉ፣ ድራይቩ፣ ፎቶው። ዳታውን አስቀድማችሁ አውርዱ የሚል ማስፈንጠሪያም አለው። ልጁ ግን በአውራ ጣቱ ሽው አድርጎ አሳለፈው። ታች ደረሰ። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ ሁለቱም ላይ ምልክት ማድረግ ግድ ነው። ሁለተኛው አካውንቱንና ዳታውን በሙሉ ለዘለቄታው መሰረዝ እፈልጋለሁ የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ብድግ ብዬ «ይኼ ምን ይላል?» አልኩት።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ፎርማሊቲ ነው» አለ። «አንብበሽ ልትጨርሺው ነው?» ያኛው፣ የሚያወራው፣ ከት ብሎ ሳቀ። «እናትዬ፣ እኛ በቀን ስንቱን እንሠራለን» አለኝ። ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ፓስወርድ» አለ። ፓስወርድ ብቻ፣ «አስገቢ» እንኳ ሳይል። አስገባሁ። ሳጥኖቹን እሱ ነካ፣ ነካ። ሰማያዊውን ቁልፍ ተጫነ። 600 ብሩን ተቀበለ። «ቀጣይ!»

ገንዘቡ አይደለም የሚያናድደኝ። ጠይቄያለሁ እኮ! ምን እንደሚል ጠይቄያለሁ። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር፦ «ይኼን ከነካን አይመለስም።» ያን ለመናገር ከመሳቅ ያነሰ ጉልበት ይበቃ ነበር።

ቤት ገብቼ ሰሞኑን ያለችብኝን የሚዜ ሥራ ልጀምር ሰንጠረዡን ፈለግኩ። የለም። አልበሙ ባዶ። መጀመሪያ ኔትወርክ መሰለኝ፤ ደሴ ነውና ዝናብ ሲመጣ ሁሉንም በኔትወርክ እናመካኛለን። ግን አልነበረም። ባለቤቱ ሲሰረዝ ያጋራው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። መስኮቱ አለ፣ ቤቱ የለም።

ሱቁ ተመለስኩ። ልጁ ስልኬን አገላብጦ «እኔ ያኔ አሳይቼሻለሁ አይደል? ሁሉም ነበር። አንቺ የሆነ ነገር ነክተሽ ነው» አለኝ። ያኛው ደግሞ «ጉግል ራሱ ነው የሚያጠፋው፣ ሰርቨሩን እኛ አልያዝነው» አለ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ «እህቴ፣ ደንበኛ እያስቸገርሽ ነው» ተባልኩ። ደንበኛው እኔ እኮ ነኝ!

የአክስቴ ልጅ ለማስመለስ ሞክራለች። የተሰረዘ አካውንት ቶሎ ከተደረሰበት በማስመለሻው ገጽ በኩል ሊመለስ ይችላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ፓስወርዱን ተቀበለን። ቀጥሎ በስልክ ቁጥር ኮድ ልላክ አለ። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች አሳየን። የእኔ ቁጥር አይደለም። ያ ድሮ ኮምቦልቻ ስልክ የሸጠልኝ ሰውዬ የራሱን ቁጥር አስገብቶ ኖሯል። ሱቁ ከተዘጋ ቆይቷል። ሌላ ማረጋገጫ ስንሞክር «ባለቤትነትዎን ማረጋገጥ አልቻልንም» ዓይነት መልስ መጣ። እዚያ ላይ ቆምን።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ቀስ እያለ የሚወጣ። የሥራዬ የፌስቡክ መግቢያ በዚያ በአሮጌው ኢሜይል ነው የተከፈተው። ፓስወርድ ብረሳ ኮዱ የሚላከው ወደሌለ አድራሻ ነው። ያንን የጂሜይል ስም እንደገና ልክፈተው ብትሉም አይሆንም፤ የተሰረዘ የጂሜይል አድራሻ ለማንም ዳግም አይሰጥም፣ ለራስም ቢሆን። አሁን ከፌስቡኩ ሳልወጣ፣ ገና ክፍት እያለ፣ ኢሜይሉን ቀይሬዋለሁ። ተመስገን፣ ያችን ብቻ ቀድሜያታለሁ።

የተረፈልኝ ለደንበኞች በቴሌግራም የላክሁት ፎቶ ነው። ቴሌግራም በስልክ ቁጥር እንጂ በኢሜይል ስላልተያዘ አልተነካም። ከዚያ እየለቀምኩ ነው። ልኩ ግን ቴሌግራም ላይ የለም፤ ልክ ለማን ይላካል።

ምክር ካላችሁኝ ብዙ የለኝም። አሮጌውን አትሰርዙ። ሁለት አካውንት አንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ይኖራል፣ ምንም አያጨናንቅም። የግድ ማዛወር ካለባችሁ፣ ለድራይቩ ቀላሉ መንገድ በአዲሱ አካውንት ፋይሉን ከፍቶ «Make a copy» ማለት ነው፤ ቅጂው የአዲሱ ንብረት ይሆናል። ፎልደር በጅምላ አይገለበጥም፣ ፋይል በፋይል ነው። የተጋራ ፎቶም በአዲሱ በኩል «Save» ካልተባለ የእናንተ አይደለም። ከሁሉም በፊት ግን የማስመለሻው ስልክ ቁጥር የማን እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ፤ በተለይ ኢሜይሉን የከፈተላችሁ ስልክ ሻጭ ከሆነ።

ሐይቅም ከሚሴም ያላችሁ ደንበኞቼ፣ ልካችሁ እኔ ጋ አለ ብላችሁ አትቀመጡ። የጥር ሰርግ ያለባችሁ ቶሎ ብቅ በሉ፣ እንደገና እለካችኋለሁ። አሁን በደብተር ነው የምጽፈው።