ለሐበሻ ቀሚስ ፎቶ፦ ሐይቅ ዳር ወይስ መስኮት አጠገብ?

ደሴ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ ፎቶ መነሳት የፈለገ ሰው ሁለት አማራጭ አለው። ወይ ሐይቅ ወርዶ ውሃው ዳር መነሳት፣ ወይ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ መቆም።

ሐይቅ ያምራል፣ አይካድም። ግን የቀትር ፀሐይ ነጭ ጥጥን ትበላዋለች፤ ሽመናው ጠፍቶ ቀሚሱ ወረቀት ይመስላል። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ይሻላል። ፀሐይዋ ከጀርባ ስትሆን ስሱ ነጠላ ያበራል። ችግሩ፣ ቀሚሱም ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ ከስር የቆዳ ቀለም ያለው ረጅም ቀሚስ ይለበስ፤ ነጭ ከሆነ ጫፉ ይለያል። ነፋስ ካለ ነጠላውን ትከሻ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዙት።

ለጥለቱ ግን እኔ መስኮቱን እመርጣለሁ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ የክሩ ከፍታና ዝቅታ ሳይቀር ይታያል። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ይሁን። አምፖሉን አጥፉ፤ አለዚያ ነጩ ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። ነጠላውን ከመስኮቱ በራቀው ትከሻ ላይ ከፍ አድርጋችሁ አጣፉት። ነጩ ጨርቅ ብርሃኑን ወደ ጨለመው ጉንጭ ይመልሳል። የነጠላው ጥለት የቀሚሱን የደረት ጥለት እንዳይሸፍን ብቻ ወደ ጎን ሳብ አድርጉት።

በስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የምትነሳዋን ሴት ፊት ንኩና ብርሃኑን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ፤ የነጩ ክር መስመር ካልታየ አሁንም በዝቷል።