«ሪኮል የለበትም» የተባለ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ሁሉ እኔ በወደቅሁበት ጉድጓድ እንዳትወድቁ ይህን ጽፌያለሁ። ሻጩ በሻንሲ ቁጥሩ ፈልጎ ያገኘውንና ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም አምራቹ መኪናዎችን ጠርቶ በነፃ የሚያስተካክልበት ጥሪ፣ እንደሌለ የሚገልጸውን ገጽ አትሞ ሲያሳየኝ፣ መኪናው በባለሙያ ተመርምሮ ያለፈ ያህል ቆጥሬው ገዛሁት። ገና 900 ኪሎ ሜትር ሳልነዳ የሞተር ዘይቱ ከመለኪያው የታችኛው ምልክት በታች ወርዶ አገኘሁት፤ ከመኪናው ሥር ግን የፈሰሰ ጠብታ አልነበረም። ወረቀቱ ትክክለኛ ነበር፤ ስሕተቱ ወረቀቱ ስለ ሞተር ብርታት ይናገራል ብዬ ማመኔ ነው።

ሪኮል በዋናነት የሚወጣው የሰው ደኅንነትን አደጋ ላይ ለሚጥል ጉድለት ነው። የታካታ ኤርባግ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ተሳፋሪው ሊወረውር ስለሚችል በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች ተጠርተዋል። ዘይት የሚበላ ሞተር ግን ባለቤቱን ያከስራል እንጂ እንደ ደኅንነት ጉድለት ስለማይቆጠር፣ አምራቹ ችግሩን አውቆና አምኖም እንኳ ሪኮል ላይወጣለት ይችላል። በዚያ ላይ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ nhtsa.gov/recalls የሚያሳየው ገና ያልተሠሩትን ሪኮሎች ብቻ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸውን በአብዛኛው አያወጣም፣ ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩ መኪናዎችንም አይሸፍንም። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ገጽ ባዶ መሆኑ ብዙ የሚያጽናና አይደለም።

በግልጽ የሚታወቅ ምሳሌ ልውሰድ። ከ2007 እስከ 2009 ሞዴል ባለው የቶዮታ ካምሪ ላይ የተገጠመው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚጠርገው፣ ፋሻ የሚባለው የብረት ቀለበት ያለበት ቦይ ዘይቱን ወደ ታች የሚመልስባቸው ቀዳዳዎች በካርቦን ሲደፈኑ፣ ዘይቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይቀርና ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ በአሜሪካ ለዚህ የሰጠው መፍትሔ ሪኮል ሳይሆን የዋስትና ማራዘሚያ ነበር፦ ሞተሩ በ1,200 ማይል፣ ማለትም በ1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አንድ ሊትር ለመሙላት ጥቂት የሚጎድለው ዘይት ከበላ ፒስተንና ፋሻው ይቀየርለት ነበር። ያ ዋስትና ጊዜው አልፏል፤ ዛሬ የሚገዛ ሰው ሞተር የማስወረዱን ወጪ የሚችለው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ዓመቱንና ሞተሩን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያው ዘመን ካምሪ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ይህ በሽታ የለበትም፤ ለአሜሪካ ገበያ በተሠራው፣ ሃይብሪድ ባልሆነው የ2010 ሞዴልም 2.4ቱ በ2.5 ሊትር ሞተር ተተክቷል። ነገር ግን በ2009 የተመረተ መኪና የ2009ም የ2010ም ሞዴል ሊሆን ስለሚችል፣ በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የተጻፈው የምርት ወር ብቻውን አይበቃም። ለአሜሪካ ገበያ በተሠራ መኪና ከ17ቱ የሻንሲ ምልክቶች 10ኛውን ተመልከቱ፦ 9 ከሆነ 2009፣ A ከሆነ 2010 ሞዴል ነው። ለጃፓን ወይም ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩት ላይ ይህ ቦታ ዓመቱን ላይነግር ስለሚችል በእሱ አትመኑ።

ሞዴሉ በዚህ ድክመት የሚታወቅ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ጥያቄው የምታዩት መኪና ተሠርቶለታል ወይ የሚለው ነው። «ሞተሩ ታድሷል» የሚል ቃል አይበቃም፤ ፒስተኑና ፋሻው መቀየራቸው በስም የተጻፈበት ደረሰኝ ጠይቁ። ሰማያዊ ጭስ አለመታየቱም ነፃ አያወጣውም፤ ዘይቱ ቀስ በቀስ ሲቃጠል የጭስ ማጣሪያው ካታሊቲክ ጭሱን ሊደብቀው ይችላል፣ ሻጩም ወፈር ያለ ዘይት ሞልቶ ለጥቂት ቀናት ማስታገስ አያቅተውም። እኔ በገዛሁት መኪና ላይ ዘይቱ እንደ ማር ንጹሕና እስከ ላይኛው ምልክት የሞላ ነበር፤ ያን ጊዜ የእንክብካቤ ምልክት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚናገረው ካንዴላ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አራቱንም አስፈትታችሁ በቅደም ተከተል ደርድሯቸው፤ ጫፋቸው ደረቅና ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፣ ጥቁር ርጥብ ቅባት ወይም ነጣ ያለ ጠንካራ ቅርፊት ከያዘ ግን በዚያ ሲሊንደር ዘይት ይቃጠላል። አዲስ ካንዴላ ካገኛችሁ ደግሞ አሮጌዎቹ የት እንዳሉ ጠይቁ። ከእኔ ኪሳራ በኋላ ካየኋቸው መኪናዎች የአንዱ ባለቤት ኮፈኑን በደስታ ከፍቶ ሲያስረዳኝ ቆይቶ፣ መካኒኬ የካንዴላ መፍቻ ሲያወጣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ብሎ ኮፈኑን ዘጋው።