«ለህትመት ዝግጁ» ብለው የሚሸጡላችሁን ፒዲኤፍ ሳትፈትሹ አትክፈሉ

ፋይላችሁን «ለህትመት ዝግጁ እናደርግላችኋለን» ብለው ለብቻው የሚያስከፍሉ አሉ። ሥራውን በወጉ የሚሠሩት ክፍያው ይገባቸዋል። ይህን የምጽፈው ግን አራቱ ማዕዘን ላይ ቀጫጭን መስመር አስምረው «አለቀ» ለሚሉት ሳትዘጋጁ እንዳትደርሱባቸው ነው። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ከፍሎ የተረከበውን ፋይል ከፍቼ አየሁት፤ በጣም ነው ያናደደኝ። «ተስተካክሏል» የተባለው ፋይል ከመጀመሪያው የባሰ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራው ኤ5 በራሪ ወረቀት ነው፣ 148 በ210 ሚሊ ሜትር። ፈዛዛ ቢጫ ዳራው እስከ ጠርዙ ይደርሳል። በቀኝ በኩል፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ፣ ደቃቅ ጥቁር ጽሑፍ አለ። ማተሚያ ቤቱ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የጠየቀው፦ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ፣ ማለትም ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚቀጥል ዳራ፣ እንዲኖረውና በስክሪን ቀለም፣ በአርጂቢ፣ የነበረው ፎቶ ወደ አራቱ የህትመት ቀለሞች፣ ወደ ሲኤምዋይኬ፣ እንዲቀየር። ጽሑፉ መጀመሪያውኑ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሠራ ስለነበር ምንም አይነካም ነበር።

ብሊድ የሚያስፈልገው ወረቀት ተደራርቦ ሲቆረጥ ስለቱ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ስለሚል ነው። ዳራው ከመቁረጫው መስመር አልፎ ካልቀጠለ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ይቀራል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ዳራው 154 በ216 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ልብ በሉ፣ የሚያድገው ዳራው ብቻ ነው። ጽሑፉና ፎቶው ካሉበት ንቅንቅ አይሉም።

ተከፍሎት ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው ያደረገው ግን ሌላ ነው። ገጹን እንዳለ ለጥጦ 154 ሚሊ ሜትር አድርጎታል። ከላይና ከታች የተረፈውን ቆርጦ ጥሏል። ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይታወቅም። ሒሳቡን ስትሠሩት ግን ጉዱ ይወጣል። 148 ወደ 154 ሲያድግ 4 በመቶ ገደማ ነው። ጽሑፉ ከገጹ መሃል 70 ሚሊ ሜትር ይርቅ ነበር፤ ከተለጠጠ በኋላ 72.8 ሆነ። መቁረጫው መስመር ያለው 74 ላይ ነው። ስለዚህ 4 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ወደ 1.2 ወረደ። ስለቱ አንድ ሚሊ ሜትር ቢስት ፊደሉ ከጠርዙ ጋር ይጣበቃል፣ ትንሽ ካለፈ ደግሞ ይቆረጣል። ከፍላችሁ የገዛችሁት ችግር ማለት ይህ ነው።

ይህን ለመያዝ አንድ ነገር መለካት ይበቃል። መጀመሪያው ፋይል ላይ ስፋቱን የምታውቁትን አርማ ወይም ሳጥን ምረጡ። በአክሮባት መለኪያ አዲሱ ፋይል ላይ ለኩት። 40 ሚሊ ሜትር የነበረው 41.6 ከሆነ ገጹ ተለጥጧል። ዳራው ብቻ ተለጥጦ ወይም ጠርዙ ተደግሞ ከሆነ ግን ችግር የለም፤ ጥሩ ባለሙያም አንዳንዴ እንደዚያ ያደርጋል።

አራቱ ማዕዘን ላይ የሚሰመረው የመቁረጫ ምልክትም ቢሆን አያታልላችሁ። እነዚያን መስመሮች ማንም ሰው በእጁ ሊስላቸው ይችላል። ማተሚያ ቤት ገጾችን የሚደረድርበት ፕሮግራም የሚያነበው ፒዲኤፉ ውስጥ የተጻፈውን TrimBox የሚባል የመቁረጫ ልክ ነው። እንዲያውም ብዙ ማተሚያ ቤቶች ብሊዱ ካለ ምልክቱን ጭራሽ አይፈልጉትም። ልኩን ለማየት ፖፕለር ከሚባለው ነጻ ጥቅል ጋር የሚመጣ ትእዛዝ አለ፦

```
pdfinfo -box flyer.pdf
```

TrimBox በሚለው መስመር ላይ አራት ቁጥሮች ታያላችሁ። ከሦስተኛው የመጀመሪያውን ቀንሱ፣ ስፋቱን ታገኛላችሁ። ለኤ5 419.5 ፖይንት አካባቢ መምጣት አለበት፤ ለ2.835 ስታካፍሉት 148 ሚሊ ሜትር ነው። የወዳጄ ፋይል ላይ TrimBox እና የመላው ገጽ ልክ የሆነው MediaBox አንድ ዓይነት ቁጥር ነበራቸው። ማለትም ምልክቶቹ ሥዕል ብቻ ናቸው፤ ፋይሉ የት እንደሚቆረጥ አያውቅም። ጠንቃቃ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በእጁ ሊያስተካክለው ይችላል። ግን ታዲያ የተከፈለው ለምን ነበር?

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ትልቁ ጉዳት እዚህ ነው። ሰውየው ፒዲኤፉን ፎቶሾፕ ውስጥ በአርጂቢ ከፍቶ፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ሲኤምዋይኬ ለውጦታል። ፎቶውን መለወጥ ትክክል ነው። ጽሑፉ ግን አብሮ ተለወጠ። አርጂቢ ጥቁር እንደዚያ ሲለወጥ ከአራቱም ቀለሞች የተሠራ ጥቁር ይሆናል። የተመረጠው የቀለም ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለሙ በምን ልክ እንደሚለወጥ የሚወስነው ቅንብር፣ U.S. Web Coated (SWOP) v2 ከሆነ ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ይሰጣል። ድምሩ 300 በመቶ ቀለም ነው፤ ያ ሁሉ ለደቃቅ ፊደል! አራቱ ቀለሞች የሚታተሙት በየራሳቸው የማተሚያ ሰሌዳ፣ በየራሳቸው ፕሌት ነው። አንዱ ፕሌት በጥቂቱ እንኳ ቢንሸራተት በየፊደሉ ዙሪያ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥላ ይወጣል፣ ጽሑፉም ደብዘዝ ይላል። በጥቁር ብቻ የታተመ ጽሑፍ ይህ ችግር አይነካውም።

አክሮባት ፕሮ ያለው ሰው ፈልጉና Output Preview የሚለውን ይክፈትላችሁ። የአራቱ ቀለሞች ስም በዝርዝር ይወጣል። Process Black የሚለውን ምልክት አንሱ። ጥቁሩ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ካልጠፋና ቡናማ መሳይ ሆኖ ከቀረ ከአራት ቀለም ተሠርቷል። እግረ መንገዳችሁን ጽሑፉን 800 በመቶ አጉልታችሁ እዩት። ጠርዙ እንደ ደረጃ ከተቆራረጠ ጽሑፉ ፎቶ ሆኗል፤ ያንን ከዚያው ፋይል ላይ ማዳን አይቻልም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሰው እንዳትበድሉ። ፋይሉ ውስጥ አርጂቢ ፎቶ ስላያችሁ ብቻ ተጭበረበርን አትበሉ። ፒዲኤፍ ኤክስ-4 የሚባለው ደረጃ ፕሮፋይል ያለውን አርጂቢ ይቀበላል፣ ወደ ሲኤምዋይኬ ራሳቸው መለወጥ የሚመርጡ ማተሚያ ቤቶችም አሉ። ወሳኙ የእናንተ ማተሚያ ቤት የጠየቀው ነው። ስለዚህ ለማንም ከመክፈላችሁ በፊት የብሊዱን መጠን፣ የፒዲኤፉን ደረጃና የቀለም ፕሮፋይሉን ስም ከማተሚያ ቤቱ በጽሑፍ ተቀበሉ።

በተለይ የማስጠነቅቃችሁ ማረጋገጫ ስለመስጠት ነው። ፋይሉ ከተላከላችሁ በኋላ «እሺ፣ ይታተም» ካላችሁ ጥፋቱ የእናንተ ነው ይባላል። ሰውየውም ማተሚያ ቤቱም ያንን መልእክት ነው የሚያሳዩአችሁ። ሥራውን ስትሰጡ ይህን ከክፍያው በፊት ላኩለት፦

«የመቁረጫ ልክ 148 በ210 ሚሊ ሜትር፣ TrimBox የተሞላ። ብሊድ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር፣ ገጹ ሳይለጠጥ። ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ወደ ፎቶ ሳይለወጥ። የተሠራበት ዋና ፋይል ከነፎንቱና ከነፎቶው አብሮ ይሰጠኝ። ቀሪው ክፍያ ፋይሉ ከተፈተሸ በኋላ።»

ልኮቹን በራሳችሁ ሥራ ቀይሩ። ዋናውን ፋይል አልሰጥም ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ። ነገሩ ቢበላሽ ማስተካከል የሚቻለው ከእሱ ላይ ብቻ ነውና።