ሃይድሮጅኑ አንድ፣ ብልሽቱ ሦስት፦ የትራንስፎርመር ዘይት ጋዝ መለኪያ አማራጮች ንጽጽር

ለሰብስቴሽን ትራንስፎርመር የዘይት ጋዝ ክትትል ለመግዛት ጨረታ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ በአብዛኛው ሦስት አማራጮች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው በየጊዜው የዘይት ናሙና እየወሰዱ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ሁለተኛው ትራንስፎርመሩ ላይ ተገጥሞ ሃይድሮጅንን ብቻ ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ እንዲሁ ትራንስፎርመሩ ላይ የሚገጠም ነገር ግን ሰባት ወይም ከዚያ በላይ ጋዞችን ለያይቶ የሚያነብ መሣሪያ ነው። የአቅራቢዎች ሰነድ የሚያወራው ስለ መለኪያ ወሰን፣ ስለ ግንኙነት መስመርና ስለ ዋስትና ዘመን ነው። እኔ ግን ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጋዙ የመጣው ከመጠን ካለፈ ሙቀት፣ ከአርክ ወይስ ፓርሻል ዲስቻርጅ ከሚባለው አነስተኛና ከፊል የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መሆኑን እያንዳንዱ አማራጭ ሊለይለት ይችል እንደሆነ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም የሚወሰደው እርምጃ በሦስቱ ላይ አንድ አይደለም። የላላ ግንኙነት የሚፈጥረው ሙቀት ጭነት ቀንሶ ለጥገና ቀን ለመቁረጥ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ በጥቅልሎች መካከል የሚነሳ አርክ ግን ያን ጊዜ አይሰጥም።

ልዩነቱ የሚመነጨው ዘይቱ ከሚሰበርበት ሙቀት ነው። ፓርሻል ዲስቻርጅ ጉልበቱ አነስተኛ በመሆኑ ከዘይቱ የሚያላቅቀው በዋናነት ሃይድሮጅን ሲሆን ጥቂት ሚቴን ይከተለዋል። ሙቀት ሲሆን መጀመሪያ ሚቴንና ኢቴን ይበዛሉ፤ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ደግሞ ኢቲሊን ይበልጣል። አሲቲሊን በብዛት እንዲፈጠር ከ800 እስከ 1200 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀትና ወዲያውኑ መቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የአርክ ጠባይ ነው። ሃይድሮጅን ግን በሦስቱም ውስጥ አለ።

ይህን በቁጥር ለማየት ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀኋቸውን ሦስት ናሙናዎች እንመልከት። መጠኖቹ በፒ.ፒ.ኤም.፣ ማለትም ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆኑ፣ የተጻፉ ናቸው።

| ጋዝ | ናሙና ሀ | ናሙና ለ | ናሙና ሐ |
|---|---|---|---|
| ሃይድሮጅን | 200 | 200 | 200 |
| ሚቴን | 320 | 60 | 14 |
| ኢቴን | 110 | 12 | 7 |
| ኢቲሊን | 480 | 70 | 1 |
| አሲቲሊን | 4 | 90 | 0 |

ሃይድሮጅንን ብቻ የሚለካው መሣሪያ ለሦስቱም የሚያሳየው ተመሳሳይ 200 ነው። እንዲያውም አንዳንዶቹ አሮጌ ዓይነቶች ሃይድሮጅንን ሙሉ በሙሉ ሲያነቡ ከካርቦን ሞኖክሳይድም ጥቂቱን፣ ከአሲቲሊንም እንዲሁ አንድ አሥረኛ የማይሞላውን ደምረው አንድ ቁጥር ስለሚያወጡ፣ የሚታየው አኃዝ የየትኛው ጋዝ እንደሆነ እንኳ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ይህን መሣሪያ ለማጣጣል አይደለም። ዋጋው ብዙ ጋዝ ከሚለካው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ ሃይድሮጅን ከሁሉም ብልሽት ስለሚወጣም እንደ ማንቂያ ደወል በሚገባ ያገለግላል። ይሁንና ደወሉ ሲጮኽ የብልሽቱን ዓይነት የሚናገረው ሌላ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ይህን የሚገዛ ሰው የላቦራቶሪ ውሉን አብሮ በጀት ውስጥ ማስገባት ይኖርበታል።

አሁን አምስቱም ጋዞች በእጃችን አሉ እንበልና በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን በአይ.ኢ.ሲ. 60599 ደረጃ የተቀመጡትን ሦስት ንጽጽሮች እናስላ። እነዚህም አሲቲሊን ለኢቲሊን ሲካፈል፣ ሚቴን ለሃይድሮጅን እና ኢቲሊን ለኢቴን ናቸው። በናሙና ሀ ውጤቱ በቅደም ተከተል 0.008፣ 1.6 እና 4.4 ገደማ ይሆናል። ሚቴኑ ከሃይድሮጅኑ መብለጡ ነገሩ የሙቀት መሆኑን ያሳያል፤ ኢቲሊኑ ከኢቴኑ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ደግሞ ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ በላይ መውጣቱን ይመሰክራል። በመስኩ T3 የሚባለው ይህ ነው። ያቺ 4 ፒ.ፒ.ኤም. አሲቲሊን ብዙ ሰው ታስደነግጣለች፤ ነገር ግን በጣም የጋለ ብረት ከዘይቱ ጥቂት አሲቲሊን ስለሚያወጣ ከኢቲሊኑ አንጻር ሲታይ ይህን ያህል መገኘቱ አርክ አለ አያሰኝም። ካርቦን ሞኖክሳይዱም አብሮ በፍጥነት እየጨመረ ከሆነ ሙቀቱ ጥቅልሎቹን የሚሸፍነውን የመከለያ ወረቀትም እየነካ ሊሆን ይችላልና ጉዳዩ ይከብዳል።

በናሙና ለ ንጽጽሮቹ 1.29፣ 0.3 እና 5.8 ናቸው። አርክ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም ደረጃው ዝቅተኛ ጉልበት ላለው ብልጭታ D1፣ ከፍተኛ ጉልበት ላለው ደግሞ D2 የሚላቸው ክልሎች እዚህ ላይ ስለሚደራረቡ እነዚህ ቁጥሮች በሁለቱም ውስጥ ይወድቃሉ። እንዲህ ሲያጋጥም የሦስት ጋዞችን ድርሻ በሥዕል ላይ አስቀምጦ የብልሽቱን ክልል የሚያሳየው የካናዳዊው የሚሼል ዱቫል ሦስት ማዕዘን ይረዳል። ሚቴንን፣ ኢቲሊንንና አሲቲሊንን ደምረን የእያንዳንዱን ድርሻ ስናወጣ 27፣ 32 እና 41 በመቶ ይሆናሉ፤ ኢቲሊኑ ከ23 በመቶ በላይ በመሆኑ ነጥቡ የሚያርፈው D2 ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀር አንድ ጥርጣሬ አለ፤ እርሱም ጋዙ ቮልቴጁን ከሚያስተካክለው ከታፕ ቸንጀሩ ዘይት ወደ ዋናው ታንክ ሾልኮ የገባ ይሆናል የሚለው ነው። እንደዚያ ቢሆን አሲቲሊኑ ከሃይድሮጅኑ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። እዚህ ግን ከግማሽ በታች ስለሆነ ጥርጣሬው ይዳከማል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ናሙና ሐ ነው። ሚቴን ለሃይድሮጅን 0.07፣ ኢቲሊን ለኢቴን 0.14 ስለሆኑ ንጽጽሮቹ ፓርሻል ዲስቻርጅ ይላሉ። ሦስት ማዕዘኑ ግን ሃይድሮጅንን ስለማይቆጥር የሚያየው 14 ሚቴንና 1 ኢቲሊን ብቻ ነው፤ የሚቴኑ ድርሻ 93 በመቶ ይሆናል። ሦስት ማዕዘኑ ፓርሻል ዲስቻርጅ ለማለት 98 በመቶ ስለሚጠይቅ፣ ዝቅተኛ ሙቀት ወይም T1 ብሎ ይፈርዳል። ያች አንዲት ፒ.ፒ.ኤም. ኢቲሊን በእርግጥ 0 ብትሆን ኖሮ ሦስት ማዕዘኑም ፓርሻል ዲስቻርጅ ይል ነበር። አንድ ፒ.ፒ.ኤም. ብዙ መሣሪያዎች መለየት የሚችሉበት የመጨረሻው ጠርዝ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለ ናሙና ላይ የሶፍትዌሩን ባለቀለም ሥዕል አይቶ መወሰን አደገኛ ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ዘይቶች ያለ ምንም ብልሽት፣ በሥራ ሙቀት ብቻ ሃይድሮጅን ያመነጫሉ። የዘይቱ ጠባይ ከሆነ ጋዙ ከዘይቱ ሙቀት ጋር ይወጣና ጥቂት ቆይቶ ይረጋል፤ ዲስቻርጅ ከሆነ ግን ጭነቱ ቢቀንስም ቮልቴጁ እስካለ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። ከዚህ በላይ እርግጠኛ ለመሆን የታንኩን ግድግዳ በድምፅ መለኪያ ማዳመጥ ወይም የኤሌክትሪክ ፍተሻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የትኛውም የጋዝ መለኪያ ብቻውን አይጨርሰውም።

እንግዲህ ብዙ ጋዝ የሚለኩት መሣሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ትራንስፎርመሩ ሥር የተቀመጠ ትንሽ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው፤ በየጥቂት ሰዓቱ ያነባል፣ ነገር ግን አብዛኛዎቹ ጋዞቹን ተሸክሞ የሚያሳልፍ የሂሊየም ጠርሙስ ይፈልጋሉ። ጠርሙሱ በየጊዜው ከውጭ በሚገዛበትና የጣቢያው መንገድ ረጅም በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሂሊየሙ ያለቀበት ውድ መሣሪያ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሣጥን አይሻልም። ሁለተኛው ጋዙን በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለይ ሲሆን ሂሊየም አይፈልግም። ይሁንና ሃይድሮጅን ኢንፍራሬድን ስለማይወስድ በብርሃኑ ሊታይ አይችልም፤ ለእርሱ ብቻ የተለየ ዳሳሽ ይገጠማል። ፓርሻል ዲስቻርጅን የሚለየው ሚቴን ለሃይድሮጅን በመሆኑ፣ ያ የተለየ ዳሳሽ ሲያረጅ ወይም ሲያዘነብል የሚበላሸው በትክክል ይኸው ንጽጽር ነው። አቅራቢውን ይህ ዳሳሽ በየስንት ዓመቱ እንደሚለወጥ መጠየቅ፣ ስለ ስክሪኑ ስፋት ከመጠየቅ ይበልጣል።

ላቦራቶሪው በትክክለኛነት ረገድ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ድክመቱ ያለው ከላቦራቶሪው በፊት ነው። አንድ ጊዜ የደረሰኝ ናሙና በፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ አንገቱ ድረስ ሳይደርስ፣ ሦስት ቀን መኪና ውስጥ የሰነበተ ነበር። ሪፖርቱ ሃይድሮጅኑን ከ10 በታች አደረገው። ሃይድሮጅን ዘይት ውስጥ እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን የሚሟሟና ቶሎ የሚያመልጥ ጋዝ ነው፤ ሲያመልጥ ደግሞ ሚቴን ለሃይድሮጅን የሚለው ቁጥር ያለ አግባብ ከፍ ስለሚል፣ ዲስቻርጁ በሪፖርቱ ላይ ሙቀት መስሎ ይወጣል። በድጋሚ በመስታወት ሲሪንጅ ስናስወስድ ሃይድሮጅኑ ከ100 በላይ ሆነ። ትክክለኛው አሠራር የቫልቩን የቆመ ዘይት አስቀድሞ ማፍሰስ፣ ሲሪንጁን በዚያው ዘይት ማለቅለቅ፣ ያለ አረፋ ሞልቶ መዝጋትና ከብርሃን መከለል ነው። ከተዘጋ በኋላ አረፋ ቢፈጠር አይወጣም፤ አረፋው ራሱ ከዘይቱ የወጣው ጋዝ ስለሆነ ላቦራቶሪው አብሮ ሊለካው ይገባል።

ምርጫው ለአንድ ተራ 132/33 ኪሎ ቮልት ጣቢያ ከሆነ እኔ የማስቀድመው የላቦራቶሪ ውልን ነው፤ ገንዘብ ከተረፈ ለናሙና ወሳጆች የመስታወት ሲሪንጅና የሁለት ቀን ሥልጠና እገዛበታለሁ። ሰው በየወሩ የማይደርስበት ጣቢያ ላይ የሃይድሮጅን ደወል ይጨመርበት። ብዙ ጋዝ የሚለካውን መግዛት ተገቢ የሚሆነው ለኃይል ማመንጫ ትራንስፎርመር፣ ወይም አስቀድሞ ጋዝ ማውጣት ለጀመረና ሊቆም ለማይችል ትራንስፎርመር ነው፤ በእነዚህ ላይ በወር አንዴ የሚመጣ ቁጥር ስለማይበቃ በሰዓታት ውስጥ የሚታይ ለውጥ ያስፈልጋል። አሮጌ አሲቲሊን ከዘይቱ እስካልተወገደ ድረስ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ የቆመውን ቁጥር ከሚያድገው የሚለየው ይህ ተከታታይ ንባብ ነው።

በጨረታ ሰነዱ ላይ አሲቲሊን ከ1 ፒ.ፒ.ኤም. በማይበልጥ መጠን እንዲለይ፣ የሃይድሮጅን ዳሳሹ ዕድሜ በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ እንዲሁም ትራንስፎርመሩ ላይ ሌላ የናሙና ቫልቭ ነፃ ሆኖ እንዲቀር ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው በዚያ ቫልቭ፣ መሣሪያው ባነበበበት በዚያው ቀን የተወሰደ ናሙና የላቦራቶሪ ውጤት ከመሣሪያው ንባብ ጋር ጋዝ በጋዝ ከተመሳከረ በኋላ ይሁን።