ታይመር፣ ሺፍት ሬጅስተር ወይስ ኢንኮደር? ለጠርሙስ መስመር የቱ ይገዛ?

ድሬዳዋ ውስጥ አነስተኛ የውሃ ማሸጊያ ያለው ወዳጄ በቅርቡ ጠራኝ። ሴንሰሩ ክዳን የሌለውን ጠርሙስ ያየዋል። ማስወገጃው በር ግን የሚገፋው ሌላውን ነው። ኦፕሬተሯ "አቦ፣ ደህናውን እየጣለ ክፍቱን ያሳልፋል" አለችኝ። የውድቅ ሣጥኑን አየሁት፤ በደንብ የተከደኑ ጠርሙሶች ሞልተውበታል።

ከሴንሰሩ እስከ በሩ 1.2 ሜትር ነው። ጠርሙሶቹ በየ10 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄዱ በመሃል 12 ያህል ይኖራሉ። ስለዚህ ማሽኑ የትኛው ጠርሙስ እንደተበላሸ እስከ በሩ ድረስ ማስታወስ አለበት። የምትገዙት ይህን ማስታወሻ ነው።

የወዳጄ መስመር ላይ የነበረው ታይመር ነው። ርካሽ ነው፤ ማንም ኤሌክትሪሺያን ያስረዋል። ኮንቬየሩ በሰከንድ 25 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ 4.8 ሰከንድ ተሞልቶለታል። ፍጥነቱ ወደ 20 ሲወርድ ግን ጠርሙሱ በዚያው ጊዜ የሚሄደው 96 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሩ ሲገፋ የተበላሸው ገና 24 ሳንቲ ሜትር ይቀረዋል፤ ከፊቱ ያለው ደህናው ይመታል። መብራት ሄዶ ሲመጣማ ጭራሽ ይጠፋበታል። ሌላም አለ፦ አንድ ታይመር የሚይዘው አንድ ጠርሙስ ነው። በ4.8 ሰከንዱ ውስጥ ሁለተኛ ክፍት ጠርሙስ ከመጣ አንዱ ያመልጣል። በሩ ከሴንሰሩ አጠገብ ከሆነና በመሃል ሌላ ጠርሙስ የማይገባ ከሆነ ታይመር ይበቃል። ከዚያ ውጭ አልመክርም።

ሺፍት ሬጅስተር ሰዓት አይቆጥርም፤ የኮንቬየሩን ጉዞ ነው የሚቆጥረው። ከማይነዳው የጭራ አክስል ጋር ጥርስ ያለው የብረት ዲስክ ይታሰራል። ብረት ሲቀርበው የሚያውቅ ፕሮክሲሚቲ ሴንሰር ጥርሶቹን ያያል። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ከሰጠ 1.2 ሜትሩ 24 የማስታወሻ ቤት ይሆናል። ምት በመጣ ቁጥር በየቤቱ ያለው 0 ወይም 1 አንድ ቤት ወደፊት ይራመዳል። ኮንቬየሩ ቢቆም ምት የለም፤ ማስታወሻውም አብሮ ይቆማል። ማሽኑን በሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር፣ በሚትሱቢሺ ኤፍኤክስ ፒኤልሲ፣ ሥራው ይህን ያህል ነው፦

```
LDP X1
SET M100
LDP X0
SFTL M100 M0 K24 K1
RST M100
LD M23
OUT Y0
```

X1 ክዳን አለመኖሩን የሚናገረው ሴንሰር ነው፣ X0 የዲስኩ ምት፣ Y0 በሩ፣ ከM0 እስከ M23 ደግሞ 24ቱ ቤቶች። M100 ለምን አስፈለገ? የክዳኑ ሴንሰር ብልጭ ብሎ የሚጠፋው በሁለት ምቶች መሃል ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ምት እስኪመጣ M100 ካልያዘው ጠርሙሱ ሳይመዘገብ ያልፋል። ፕሮግራም የሚጽፍላችሁን ሰው ስለዚህ ነገር ጠይቁት።

የሚያስቸግረው ምቱ ነው። ኮንቬየሩ ጥርሱ ከሴንሰሩ ጠርዝ ላይ እንዳለ ከቆመና ከተንቀጠቀጠ የውሸት ምት ይቆጠራል። ያኔ 1ዋ ከጠርሙሱ ቀድማ ትደርስና ከፊቱ ያለው ይገፋል። ዲስኩ ላልቶ ወይም ሴንሰሩ ርቆ ምት ከጎደለ ደግሞ የሚመታው ከኋላ ያለው ነው። የተገፋው የፊቱ ነው የኋላው የሚለውን ብቻ አይታችሁ ጥፋቱን መለየት ትችላላችሁ።

መብራት ሲጠፋ ኮንቬየሩ ትንሽ ተንሸራትቶ ነው የሚቆመው፤ ፒኤልሲው ግን ያንን አያይም። እኔ ሲነሳ 24ቱንም ቤት 1 አደርጋቸዋለሁ። 12 ያህል ጠርሙስ ይጣላል። ቢሆንም ክፍት ውሃ ገበያ ከሚወጣ ይሻላል።

ኢንኮደር የሚያስፈልገው ምርቱ ትንሽ፣ ፈጣን ወይም የተጠጋጋ ሲሆን ነው። ከአክስሉ ጋር እየዞረ ጥቃቅን ምቶች ስለሚሰጥ ጉዞውን በሚሊ ሜትር ይለካል። ባለ ሁለት ቻናል ከሆነና ፒኤልሲው ሁለቱንም ካነበበ ወደፊትና ወደኋላ ስለሚለይ መንቀጥቀጡ አያሳስተውም። ግን ፈጣን መቁጠሪያ ያለው ፒኤልሲ ይፈልጋል። ሲበላሽም መለዋወጫው እንደ ፕሮክሲሚቲ ቶሎ እጅ አይገባም። በጠርሙሶቹ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ምት ሁለት እጥፍ ከሆነ፣ እንደ ወዳጄ መስመር፣ ለኢንኮደር ተጨማሪ ብር አላወጣም።

ኢንኮደርም ቢሆን የማያድነው አንድ ችግር አለ፤ እሱም መንሸራተት ነው። ከበሩ በኋላ ጠርሙስ ተጠራቅሞ ወደኋላ ከገፋ ሰንሰለቱ ከሥር ይሄዳል፣ ጠርሙሱ ግን ባለበት ይቀራል። ምቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቦታው ይሳሳታል። መጀመሪያ በሩን ወደ ሴንሰሩ አስጠጉ፤ መጠራቀሙም በሁለቱ መካከል እንዳይደርስ አድርጉ።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ሦስት ክፍት ጠርሙሶችን ምልክት አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ሁለቱን አከታትላችሁ። መሃል ላይ ኮንቬየሩን አቁሙት፣ ፍጥነቱንም ቀይራችሁ አስነሱት። ሦስቱም ሣጥኑ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ከነሱ ጋር የገባ የተከደነ ጠርሙስ ካለ ርክክቡ ይቆይ።