ለአምስት ደቂቃ ፕረዘንቴሽን ንግድ ባንክ ይሻላል ወይስ አዋሽ?

«አንድ የታወቀ ባንክ መርጣችሁ ዘርፉን፣ ባለቤቱንና አመሠራረቱን ለክፍሉ አስተዋውቁ» የሚል የቤት ሥራ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሁለት ስሞች ይነሳሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና አዋሽ ባንክ። ሁለቱም ለፕረዘንቴሽን ይመቻሉ፣ የሚያስቸግሩበት ቦታ ግን የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በዘርፍ በኩል ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም በፋይናንስ ዘርፍ ውስጥ ያሉ ንግድ ባንኮች ናቸው፤ ከሕዝብ ተቀማጭ ይሰበስባሉ፣ ያበድራሉ፣ ገንዘብ ያስተላልፋሉ፤ የሚቆጣጠራቸውም ብሔራዊ ባንክ ነው። ለዚህ ክፍል አንድ ስላይድና ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። እዚህ ላይ የሚታየው ስህተት ብሔራዊ ባንክንና ንግድ ባንክን አንድ አድርጎ ማቅረብ ነው። ሁለቱም የመንግሥት ቢሆኑም ብሔራዊ ባንክ ብር ያሳትማል፣ ባንኮችን ይቆጣጠራል እንጂ ለግለሰብ የቁጠባ ደብተር አይከፍትም።

በባለቤትነት ንግድ ባንክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ነው፣ ከ2022 ጀምሮም የመንግሥት ድርጅቶችን በሚያስተዳድረው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ይገኛል። አዋሽ ግን የአክሲዮን ማኅበር ስለሆነ «ባለቤቱ ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የአንድ ሰው ስም መስጠት አይቻልም። ሲመሠረት 486 ባለአክሲዮኖችና 24.2 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ነበረው። ካፒታሉን ለመሥራቾቹ ብናካፍለው በአማካይ ለአንድ ሰው 50 ሺህ ብር ገደማ ይደርሳል። በቀጣዩ ዓመት የተመሠረተው ዳሸን ባንክ ደግሞ በ11 መሥራቾችና በ14.9 ሚሊዮን ብር ነው የጀመረው፤ አማካዩ 1.35 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ብትጽፉ «የግል ባንክ» የሚባለው ባለቤትነት በብዙ ሰው እጅ ተበትኖም፣ በጥቂቶች ተይዞም ሊጀመር እንደሚችል ክፍሉ ወዲያው ይገባዋል። አማካይ መሆኑን ግን መናገር አትርሱ፤ እያንዳንዱ መሥራች ያወጣው ገንዘብ እኩል ነው ማለት አይደለም።

ከባዱ አመሠራረቱ ነው፤ እዚህ ላይ ንግድ ባንክ ብዙ ዝግጅት ይጠይቃል። አንዱ ምንጭ 1942 ይላል፣ ሌላው 1963፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። በ1942 የተቋቋመው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ የብሔራዊ ባንክንም የንግድ ባንክንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር። በ1963 በወጣ አዋጅ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ቁጥጥሩና የገንዘብ ኅትመቱ ለብሔራዊ ባንክ፣ ተቀማጩና ብድሩ ለንግድ ባንክ ሆነ። ስለዚህ በስላይዱ ላይ «ሥሩ 1942፣ በአሁኑ ስሙ 1963» ብሎ መጻፍ ከጭቅጭቅ ያድናል። ከዚያ በኋላ ደርግ በ1975 የግል ባንኮችን መውረሱን፣ በ1980 «አዲስ ባንክ» የሚባለው ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር መዋሃዱን ብቻ ጨምራችሁ እለፉ።

አዋሽ አንድ የልደት ቀን ብቻ ነው ያለው። በ1994 የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች በሩን ከፈተ፤ ባንኩ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 10 ተመሥርቶ በፌብሩዋሪ 1995 ሥራ ጀመረ፣ ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክም ሆነ። የሚያሳስተው የዘመን መቁጠሪያው ነው። 1994ን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲቀይሩ ብዙዎች 8 ቀንሰው 1986 ብለው ይጽፋሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የሚቀነሰው ግን 7 ነው፤ ትክክለኛው ኅዳር 1 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው።

አቢሲንያን መምረጥ የሚፈልግ ካለ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በምኒልክ ዘመን በ1905 ተቋቁሞ በ1906 የተመረቀው የአቢሲንያ ባንክ በ1931 በኢትዮጵያ ባንክ ተተክቷል። የዛሬው አቢሲንያ ባንክ በ1996 የተመሠረተ ሌላ የአክሲዮን ማኅበር ነው፤ ከስም በቀር አንዱ የሌላው ቀጣይ አይደለም።

አምስት ደቂቃ ብቻ ላለውና ለብቻው ለሚያቀርብ አዋሽን እመክራለሁ፤ ቀኑ አንድ፣ ሕጉ አንድ፣ ቁጥሮቹም በቀላሉ የሚታወሱ ናቸው። አሥር ደቂቃ ያለው ቡድን ንግድ ባንክን ቢወስድ የአገሪቱን የባንክ ታሪክ አብሮ ያሳያል፤ ያኔ ከጊዜው ግማሹን ለአመሠራረቱ ይተው። በየትኛውም ምርጫ ከመምህሩ ሊመጣ የሚችል አንድ ጥያቄ አለ፦ «የውጭ ዜጋ ባለቤት መሆን ይችላል?» ለረጅም ጊዜ የተከለከለ ነበር። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2024 ባጸደቀው አዋጅ ግን ተፈቅዷል፤ የውጭ ዜጎችና ድርጅቶች በአንድ የአገር ውስጥ ባንክ ያላቸው ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ መብለጥ አይችልም።